ስኳር ቤኔዲክትን ለምን አይቀይረውም? (ለቀድሞ ተማሪዎቼ ያለብኝ ዕዳ)

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። በተለይ እኔ ያስተማርኳችሁ ልጆች እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት፣ ምክንያቱም አንድ ነገር አሳስቼ አስተምሬያችኋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት አሁን ፋርማሲ የምትማር አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ በሜሴንጀር ጻፈችልኝ። "ቲቸር፣ እንደምን ነዎት? አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ዳይሳካራይድ ሪዲዩሲንግ ስኳር አይደለም ብለው ነበር ያስተማሩን። እዚህ ላብ ውስጥ ግን ወተት በቤኔዲክት ስንፈትሽ ቀለሙ ተቀየረ። የወተት ስኳር ላክቶስ ነው፣ ላክቶስ ደግሞ ዳይሳካራይድ ነው። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?"

አንቺ አልተሳሳትሽም፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ አልኳት። እውነቱም እሱ ነው።

ስህተቱ ከየት መጣ? እኔ ዲፕሎማዬን ስማር ከደብተር ደብተር የገለበጥኩት አንድ መስመር ነበር፦ "ሞኖሳካራይድ ሪዲዩሲንግ፣ ዳይሳካራይድ ነን ሪዲዩሲንግ።" ክፍል ውስጥ ደግሞ በእጃችን የነበሩት ሁለት ነገሮች ግሉኮስና የሻይ ስኳር ብቻ ነበሩ። ግሉኮሱ ሰማያዊውን ቤኔዲክት ወደ ሸክላ ቀለም ቀየረው፣ ስኳሩ አልቀየረውም። በቃ፣ ሕጉ ተረጋገጠ ብለን ሄድን። ከሁለት ናሙና ሕግ ማውጣት ይሉታል ይሄ ነው። የባሰው ደግሞ አንድ ልጅ ፈተና ላይ "ላክቶስ ሪዲዩሲንግ ነው" ብሎ ጽፎ ኤክስ አድርጌበታለሁ። ስሙን አልጠራም፣ ራሱ ያውቃል።

ስለዚህ ልጅቷን ከመለስኩላት በኋላ ቁጭ ብዬ ነገሩን ከሥሩ አነበብኩት። ሳነብ ደግሞ ታሪኩ ከጠበቅኩት በላይ ሳበኝ፤ የሻይ ስኳር አንዲት ማያያዣ ሳይንቲስቶችን ራሳቸውን ስንት ዓመት እንዳሳሳተች አየሁ። እሱን ነው የማወራችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ "ሪዲዩሲንግ" ምን ማለት እንደሆነ እናስታውስ። ቤኔዲክት ውስጥ ያለው ሰማያዊ ነገር መዳብ ነው። ስኳሩ ለመዳቡ ኤሌክትሮን ከሰጠው መዳቡ ወደ ቀይ ኦክሳይድ ተለውጦ ይዘቅጣል። ኤሌክትሮን የሚሰጠው የስኳሩ ክፍል አልዴሃይድ የሚባለው፣ በግሉኮስ ላይ ካርቦን 1 ላይ ያለው ጫፍ ነው። ይህንን የመዳብ ፈተና ትሮመር የሚባል ጀርመናዊ በ1841 ነበር ያቀረበው፤ በኋላ ፌህሊንግ፣ ከዚያም ቤኔዲክት አሻሻሉት። ትሮመር ያኔውኑ የወይን ስኳር (ግሉኮስ) መዳቡን እንደሚቀይር፣ የሸንኮራ ስኳር ግን እንደማይቀይር አይቶ ነበር። ለምን እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም።

በጎን ደግሞ ሌላ መስመር ነበር፣ የብርሃን መስመር። ቢዮ የሚባል ፈረንሳዊ የፊዚክስ ሰው በ1815 ፖላራይዝድ ብርሃን በስኳር ውኃ ውስጥ ሲያልፍ እንደሚዞር አየ። ፖላራይዝድ ብርሃን ማለት ንዝረቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሆነ ብርሃን ነው። የስኳር ውኃ በቱቦ ትሞላላችሁ፣ ብርሃኑን ታሳልፋላችሁ፣ ንዝረቱ ስንት ዲግሪ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ እንደዞረ ትለካላችሁ። መሣሪያው ፖላሪሜትር ይባላል። 10 ግራም የሻይ ስኳር በ100 ሚሊ ሊትር ውኃ አድርጋችሁ 20 ሴንቲ ሜትር በሆነ ቱቦ ብትለኩት 13.3 ዲግሪ ገደማ ወደ ቀኝ ይዞራል። ዛሬ ብትለኩት፣ ነገ ብትለኩት ያው 13.3 ነው።

ግሉኮስ ግን እንዲህ አይደለም። በ1846 ዱብረንፎ የሚባል ፈረንሳዊ የስኳር ኬሚስት አዲስ የተበጠበጠ ግሉኮስ ሲለካ ቁጥሩ አልቆም አለው። በዛሬው ቁጥር ብንናገር፣ በዚያው ቱቦ በዚያው መጠን መጀመሪያ 22.4 ዲግሪ ያሳያል፣ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ከሰዓታት በኋላ 10.5 ላይ ይቆማል። ምንም አልተጨመረበትም፣ ምንም አልወጣለትም። የመጀመሪያው ቁጥር ከመጨረሻው እጥፍ ገደማ ስለሆነ ነገሩን "ድርብ ዙረት" እንደማለት ይጠሩት ነበር። ሎውሪ የሚባል እንግሊዛዊ በ1899 ሚዩታሮቴሽን አለው፣ ዙረቱ ይለወጣል ለማለት። ስሙ እስከ ዛሬ ጸንቷል።

አሁን ሁለቱን መስመሮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ግሉኮስ መዳብ ይቀይራል፣ ዙረቱም ይለወጣል። የወተት ስኳርም እንዲሁ። ማልቶስ፣ ማለትም ብቅል ውስጥ የሚገኘው ስኳር፣ እንዲሁ። የሻይ ስኳር መዳብ አይቀይርም፣ ዙረቱም አይለወጥም። አንዱ ፈተና የኬሚካል ነው፣ አንዱ የብርሃን ነው፣ መልሳቸው ግን ሁልጊዜ አንድ ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ ነገር መኖር አለበት።

ያ ነገር የቀለበቱ በር ነው (በር የምለው እኔ ነኝ፣ መጽሐፉ አኖመሪክ ካርቦን ይለዋል)። ቶሌንስ በ1883 ግሉኮስ ቀጥ ያለ ሰንሰለት ሳይሆን ራሱ ላይ የተጠመጠመ ቀለበት ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ከስድስቱ ካርቦኖች የአምስተኛው ኦክሲጅን ጎንበስ ብሎ የካርቦን 1 አልዴሃይድን ይይዛል፣ ቀለበት ይዘጋል። ሲዘጋ ካርቦን 1 ላይ አዲስ ኦኤች ይፈጠራል። ይህ ኦኤች በተለመደው የቀለበት ሥዕል ወደ ታች ከሆነ አልፋ ግሉኮስ፣ ወደ ላይ ከሆነ ቤታ ግሉኮስ እንላለን። ውኃ ውስጥ ይህ በር ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ እንደገና ይከፈታል። አልፋ የነበረው ተከፍቶ ቤታ ሆኖ ሊዘጋ ይችላል፣ ቤታውም አልፋ ሆኖ።

ታንሬ የሚባል ፈረንሳዊ የመድኃኒት ባለሙያ በ1895 ሁለቱን መልኮች ለየብቻ በክሪስታል አወጣቸው። በዛሬው ልኬት ንጹሕ አልፋ +112፣ ንጹሕ ቤታ +18.7 ነው። ከሁለቱ በየትኛውም ብትጀምሩ ውኃ ውስጥ ሲቆይ +52.7 ላይ ይገናኛሉ። አልፋው ይወርዳል፣ ቤታው ይወጣል። (እነዚህ ቁጥሮች ለመደበኛ መጠን የተሰሉ ናቸው፤ ከላይ ያልኩት የ10 ግራም ቱቦ የእነሱን አንድ አምስተኛ ያሳያል።) ሒሳቡን ከፈለጋችሁ፣ 52.7 ከ18.7 በ34 ይበልጣል፤ ሙሉው ርቀት ደግሞ 93.3 ነው። 34 ለ93.3 ሲካፈል 36 ከመቶ ይሆናል። ስለዚህ ሲረጋጋ 36 ከመቶው አልፋ፣ 64 ከመቶው ቤታ ነው። አያችሁ፣ ከአንድ የብርሃን ንባብ ብቻ የሞለኪውል ቆጠራ ሠራን።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ ትጠይቃላችሁ። በሩ ክፍት ሆኖ የሚገኘው ግሉኮስ ከአሥር ሺህ አንድ እንኳ አይሞላም፣ ታዲያ ቤኔዲክት እንዴት እንደዚያ ሙሉ በሙሉ ይቀላል? መዳቡ የተከፈተውን እየበላ ሲሄድ ከተዘጉት ሌሎች እየተከፈቱ ቦታውን ይሞላሉ። ወረፋ እንዳለበት መስኮት አስቡት፤ መስኮቱ ላይ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ሰልፉ ግን ሁሉም ያልፋል።

እንግዲህ መዳብ ለመቀየርም፣ ዙረት ለመለወጥም፣ የሚያስፈልገው ያው የበሩ መከፈት ነው። በሩን ቆልፉት፣ ሁለቱም ይቆማሉ። ይህን በግልጽ ያሳየው ኤሚል ፊሸር ነው። በ1893 ግሉኮስን ከሜታኖልና ከአሲድ ጋር አድርጎ ካርቦን 1 ላይ ያለውን ኦኤች በሜታኖል ቅሪት ተካው። የተገኘው ነገር ቀለበቱ እንዳለ ነው፣ የግሉኮስ አካሉ እንዳለ ነው፣ ነገር ግን ፌህሊንግን አይቀይርም፣ ዙረቱም ቆመ። ቁልፉ አሴታል ይባላል። አሴታል በቤዝ ውስጥ አይከፈትም፣ በተራ ውኃም አይከፈትም፣ የሚከፍቱት አሲድ ወይም ትክክለኛው ኢንዛይም ናቸው። ቤኔዲክትና ፌህሊንግ ሁለቱም ቤዝ መሆናቸውን አትርሱ፤ የተቆለፈውን የማይነኩት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዳይሳካራይድ እንመለስ። ሁለት ስኳር ሲያያዝ እያንዳንዱ የራሱን በር ይዞ ይመጣል። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፦ ማያያዣው ስንቱን በር ያዘ?

ማልቶስ ሁለት ግሉኮስ ነው። የአንዱ ካርቦን 1 ከሌላው ካርቦን 4 ጋር ተያይዟል። የመጀመሪያው በሩ ተቆለፈ። ሁለተኛው ግን የተያዘው በካርቦን 4 ነው፣ በሩ ካርቦን 1 ላይ ስለሆነ ነፃ ነው። ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ መዳብ ይቀይራል፣ ዙረቱም ይለወጣል። ላክቶስም እንዲሁ፣ የጋላክቶስ ካርቦን 1 ከግሉኮስ ካርቦን 4 ጋር ነው፣ የግሉኮሱ በር ክፍት ነው። ወተቱ ቤኔዲክትን የቀየረው ለዚህ ነው።

የሻይ ስኳር፣ ሱክሮስ፣ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ነው። የፍሩክቶስ በር ካርቦን 1 ላይ ሳይሆን ካርቦን 2 ላይ ነው፣ ምክንያቱም ፍሩክቶስ ኪቶን ነው። ሱክሮስ የተያያዘው ደግሞ የግሉኮስ ካርቦን 1 ከፍሩክቶስ ካርቦን 2 ጋር ነው። በር ከበር! ሁለቱም በአንድ ኦክሲጅን ተቆለፉ። ስለዚህ አይቀይርም፣ አይለወጥም። እንጉዳይ፣ እርሾና የነፍሳት ደም ውስጥ የሚገኘው ትሬሃሎስም እንዲሁ ነው፤ ሁለት ግሉኮስ በካርቦን 1 እና በካርቦን 1 ተያይዘው።

አንድ ወጥመድ አለ፣ አደራ። "1→2 ከሆነ ነን ሪዲዩሲንግ ነው" ብላችሁ እንዳትሸመድዱ። ሶፎሮስ የሚባል ዳይሳካራይድ አለ፣ ሁለት ግሉኮስ በ1→2 የተያያዙ። እሱ ሪዲዩሲንግ ነው! ምክንያቱም የግሉኮስ ካርቦን 2 በር አይደለም፣ ተራ ግድግዳ ነው። ቁጥሩን ሳይሆን ቁጥሩ የማን እንደሆነ ተመልከቱ። እኔ አንዱን ጭፍን ሕግ በሌላ ጭፍን ሕግ ልተካላችሁ አልፈልግም።

አሁን የወደድኩት ታሪክ ጋ ደረስን።

ሱክሮስን በአሲድ ወይም በእርሾ ኢንዛይም ስትቆርጡት ከቀኝ ዙረት ወደ ግራ ይገለበጣል። ኢንዛይሙ ኢንቨርቴዝ የተባለው ከዚህ መገልበጥ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ሱክሮስ +66.5 ነው። ሲቆረጥ በክብደት እኩል የሆኑ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ይወጣሉ። የተረጋጋ ግሉኮስ +52.7፣ የተረጋጋ ፍሩክቶስ −92 ገደማ። አማካያቸው −20 ገደማ ነው። ስለዚህ ከ+66.5 እስከ −20 ያለውን መንገድ ተከትሎ ምን ያህሉ እንደተቆረጠ ደቂቃ በደቂቃ መከታተል ይቻላል። ኢንዛይም በምን ፍጥነት እንደሚሠራ ለማወቅ የሚፈልግ ሁሉ ይህን ዘዴ ወደደው፤ ናሙና ሳይበላሽ በዓይን ብቻ ይነበባላ።

ግን ወጥመዱ እዚያው ነበር። ሱክሮስ ውስጥ ያለው ግሉኮስ አልፋ ሆኖ ነው የተቆለፈው። ኢንዛይሙ ሲቆርጠው አልፋ ሆኖ ይወጣል፣ ማለትም +52.7 ሳይሆን +112 ይዞ። ከዚያ ነው በሩ ነፃ ሆኖ ቀስ እያለ የሚረጋጋው። እስቲ በቁጥር እንየው። ኢንዛይሙ በጣም ብዙ ሆኖ ስኳሩን በሙሉ በአንዴ ቆረጠው እንበል። ፍሩክቶስ ቶሎ ስለሚረጋጋ −92ን እንውሰድለት። ግሉኮሱ ገና +112 ነው። አማካዩ +10 ይሆናል። የሚለካው ሰው +10 አይቶ ምን ይላል? ከ66.5 ወደ 10 ወረደ፣ 56.5 ተጓዘ፣ ሙሉ መንገዱ 86.5 ነው፣ ስለዚህ 65 ከመቶ ተቆርጧል ይላል። እውነቱ ግን 100 ከመቶ ነው! ከሦስት እጅ አንድ እጅ በላይ ከዓይኑ ተሰወረበት።

ይህን መጀመሪያ ያስተዋሉት ኦሱሊቫንና ቶምፕሰን የሚባሉ በእንግሊዝ አገር የቢራ ጠመቃ ኬሚስቶች ናቸው፣ በ1890። ናሙናው ላይ ትንሽ አልካሊ ጠብ ሲያደርጉ ንባቡ በአንዴ ወረደ። አልካሊ ሚዩታሮቴሽንን ያፈጥነዋል፣ ሰዓታት የሚፈጀውን በቅጽበት ያስጨርሰዋል። ኢንዛይሙንም ያቆመዋል። ስለዚህ ከአልካሊ በኋላ ያለው ንባብ ትክክለኛው ነው። ከዚህም የሱክሮሱ ግሉኮስ ከፍተኛ ዙረት ያለው መልክ ሆኖ እንደሚወጣ ታወቀ።

ነገሩ ተጽፎ እያለ ግን ብዙ ሰው አልተጠነቀቀም። ቪክቶር አንሪ በ1903 ፓሪስ ላይ ስለ ኢንቨርቴዝ ፍጥነት ትልቅ ሥራ ሠራ፤ ቀመሩ በመሠረቱ ትክክል ነበር። ልኬቶቹ ግን ሚዩታሮቴሽኑን አላስተካከሉም፣ የአሲድነቱን መጠንም አልተቆጣጠሩም። አሜሪካዊው ሃድሰን በ1908 ሚዩታሮቴሽኑ ሲታረም የኢንዛይሙ አካሄድ ሌላ መልክ እንዳለው አሳየ። ከዚያ በ1913 በርሊን ላይ ሚካኤሊስና ካናዳዊቷ ሐኪም ሞድ ሜንተን ሙከራውን እንደ አዲስ ሠሩት። በየጊዜው ናሙና እየቀዱ ሶዳ ውስጥ ይጨምሩት ነበር፤ ሶዳው ኢንዛይሙን ያቆማል፣ ግሉኮሱንም ያረጋጋዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው ፖላሪሜትሩን የሚያነቡት። ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ልጆች የሚካኤሊስ ሜንተን ቀመር እያላችሁ የምትሸመድዱት ከዚህ ሥራ የወጣ ነው። የዚያ ሁሉ ልፋት አንድ ክፍል የአልፋ ግሉኮስን በር ጠብቆ ማስከፈት ነበር።

በ1903 ደግሞ አርምስትሮንግ የሚባል እንግሊዛዊ ያንኑ ዘዴ ገልብጦ ተጠቀመበት። ከፊሸር ሁለት ዓይነት የተቆለፉ ግሉኮሶች አንዱን በእርሾ ኢንዛይም ሲቆርጥ የወጣው ግሉኮስ አሞኒያ ሲነካው ዙረቱ ወረደ፤ ሌላውን በለውዝ ኢንዛይም ሲቆርጥ ደግሞ ወጣ። ስለዚህ አንደኛው በአልፋ፣ ሌላው በቤታ ነበር የተቆለፈው ማለት ነው። ማንም ሞለኪውል በዓይኑ ሳያይ ማያያዣው ወዴት እንደሚያይ ታወቀ። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ቆንጆ ሙከራ የለም።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ፣ ሰዎች ስለሚጠይቁኝ። "ቲቸር፣ ማር ላይ ስኳር ተጨምሮበት እንደሆነ በቤኔዲክት ይታወቃል?" አይታወቅም። ንብ ራሷ ኢንቨርቴዝ አላት፣ የአበባውን ሱክሮስ ትቆርጠዋለች፤ ንጹሑ ማር ራሱ በግሉኮስና በፍሩክቶስ የተሞላ ስለሆነ ቤኔዲክትን ያቀላዋል፣ የተበረዘውም ያቀላዋል። ፖላሪሜትር ይሻላል፤ የአበባ ማር ብዙውን ጊዜ ወደ ግራ ያዞራል፣ የሻይ ስኳር ከገባበት ወደ ቀኝ ይጎተታል። ግን ነጋዴው ስኳሩን በአሲድ ቆርጦ ከጨመረው ያም አይረዳም፣ እሱም ወደ ግራ ነው።

ለምታስተምሩ ጓደኞቼም ስለ ላቡ ልንገራችሁ። የሻይ ስኳሩን በቀላል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ለጥቂት ደቂቃ አፍልታችሁ ቤኔዲክት ብትጨምሩ መቅላት አለበት። ካልቀላ አብዛኛውን ጊዜ አሲዱን ሳታጠፉት ነው። ቤኔዲክት ቤዝ ይፈልጋል፤ መጀመሪያ ሶዲየም ባይካርቦኔት አረፋው እስኪቆም ጨምሩ። በተቃራኒው ያልተቆረጠው ስኳር ትንሽ አረንጓዴ ካሳያችሁ ወይ ማንኪያው ግሉኮስ ነክቶታል፣ ወይ ስኳሩ ንጹሕ አይደለም፣ ወይ አፍልታችሁ አፍልታችሁ ረስታችሁታል። ሕጉ ፈረሰ እንዳትሉ። ከግሉኮስና ከስኳሩ ጎን ደግሞ ሦስተኛ ቱቦ ላይ ወተት አድርጉ። ያን ዕለት እኔ ሦስተኛዋን ቱቦ ብጨምር ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

ላክቶስ ብሎ ጽፎ ኤክስ ያገኘኸው ልጅ፣ ማርኩን አሁን መጨመር አልችልም፣ ግን ትክክል ነበርክ። አግኘኝና ማኪያቶ እጋብዝሃለሁ፤ ላክቶሱም ስኳሩም አለበት።

ሌሎቻችሁ ደግሞ ይህን ሞክሩ፦ ሴሉሎስ ሲቆረጥ የሚወጣው ሴሎባዮስ ሁለት ግሉኮስ በቤታ 1→4 የተያያዙ ናቸው። ቤኔዲክትን ይቀይራል? ዙረቱስ ይለወጣል? መልሱን ከምክንያቱ ጋር ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ምክንያት የሌለው መልስ አላርምም።